ኖሚናል ጂዲፒን ወደ ሪል መቀየር፦ በእንጀራ፣ በማኪያቶ እና በፎቶ ኮፒ

ጂዲፒ በ28 በመቶ አደገ የሚል ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። በየትኛው ዓመት ዋጋ ተሰልቶ?

ኖሚናል ጂዲፒ ሁለት ነገር አንድ ላይ አጣብቆ ነው የሚመጣው። የተመረተውን ብዛት እና የተሸጠበትን ዋጋ። አንድ እንጀራ እንኳ ተጨማሪ ሳይጋገር ዋጋው ብቻ ቢወደድ ቁጥሩ ያድጋል። እኛ የምንፈልገው ዋጋውን ከውስጡ አውጥተን ብዛቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ማየት ነው። ለዚህ ሦስት ስሌት እንሠራለን፦ ሪል ጂዲፒ፣ ዲፍሌተር እና የዕድገት ምጣኔ። ሒሳቡ ራሱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይሠራዋል። ሰው የሚሳሳተው መነሻ ዓመቱ ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ቶሎ ጨርሰን እዚያ ላይ እንቆያለን።

ሰንጠረዡን ማዘጋጀት

ሀገሩን በሙሉ ይዘን ከጀመርን እንጠፋለን። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ኢኮኖሚ እናስብ። ሦስት ነገር ብቻ ታመርታለች፦ እንጀራ፣ ማኪያቶ እና ለተማሪዎች የሚሠራ ፎቶ ኮፒ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ከገበያ የተለቀሙ አይደሉም። አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ አድርጌያለሁ። የእንጀራና የማኪያቶ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ የኮፒ ዋጋ ግን ባለበት ቆሞ ብዛቱ በጣም ያድጋል። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ወደ ታች ስንወርድ ይገባችኋል።

| | ብዛት 2015 | ብዛት 2016 | ብዛት 2017 | ዋጋ 2015 | ዋጋ 2016 | ዋጋ 2017 |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እንጀራ | 1,000 | 1,050 | 1,100 | 20 | 24 | 30 |
| ማኪያቶ | 500 | 520 | 500 | 30 | 40 | 50 |
| ኮፒ (ገጽ) | 5,000 | 6,000 | 8,000 | 3 | 3 | 3 |

ዋጋው በብር ነው፣ ዓመቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጠረዡ ውስጥ ጤፍ የለም። አልረሳሁትም። እንጀራ ጋጋሪዋ የገዛችው ጤፍ ዋጋ እንጀራው ዋጋ ውስጥ ገብቷል፣ ለብቻው ደግመን ከደመርነው አንዱን ጤፍ ሁለት ጊዜ ቆጠርነው ማለት ነው። ጂዲፒ ውስጥ የሚገባው የመጨረሻው ምርት ብቻ ነው። ማኪያቶው ውስጥ ያለው ወተትም እንደዚያው። የኮፒው ወረቀትና ቀለም ከውጭ የመጣ ከሆነ በትክክለኛው ሥራ ላይ ተቀናሽ ይሆናል፣ ለዚህ ምሳሌ ግን ሁሉም ነገር እዚሁ የተሠራ ነው ብለን እንለፈው።

ኖሚናሉን መደመር

የየዓመቱን ብዛት በዚያው ዓመት ዋጋ አባዙና ደምሩ።

በ2015 እንጀራው 20,000 ብር፣ ማኪያቶው 15,000፣ ኮፒው 15,000 ይሆናል። ድምሩ 50,000 ብር።

በ2016 ደግሞ 25,200 እና 20,800 እና 18,000። ድምሩ 64,000።

በ2017 33,000 እና 25,000 እና 24,000። ድምሩ 82,000።

ከ50,000 ወደ 64,000 ስንሄድ 28 በመቶ ዕድገት ይመስላል። ከ64,000 ወደ 82,000 ደግሞ 28.1 በመቶ። የሚያማምሩ ቁጥሮች ናቸው። አሁን ዋጋውን እናውጣው።

ሪል ጂዲፒ፦ ዋጋውን አንድ ቦታ ማቆም

መነሻ ዓመት ምረጡ። እኛ 2015ን እንውሰድ። ከዚህ በኋላ የምንጠቀመው ዋጋ የ2015 ብቻ ነው፦ እንጀራ 20፣ ማኪያቶ 30፣ ኮፒ 3 ብር። ብዛቱ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ዋጋው ግን አይነካም።

2015 ራሱ መነሻ ስለሆነ ሪሉም ኖሚናሉም አንድ ነው፣ 50,000። ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው። በመነሻው ዓመት ሁለቱ ካልተገናኙላችሁ ሌላውን ከመቀጠላችሁ በፊት ተመለሱና ስህተቱን ፈልጉ።

ለ2016፦ 1,050 እንጀራ በ20 ብር 21,000 ነው። 520 ማኪያቶ በ30 ብር 15,600። 6,000 ገጽ በ3 ብር 18,000። ድምሩ 54,600።

ለ2017፦ 22,000 እና 15,000 እና 24,000፣ ድምሩ 61,000።

ኖሚናሉ 82,000 ያለው 2017 በ2015 ዋጋ ሲለካ 61,000 ብቻ ሆነ። የቀረው 21,000 ብር የዋጋ ጭማሪ ነው፣ ማንም አልበላውም፣ አልጠጣውም፣ አላነበበውም።

ዲፍሌተሩ

ዲፍሌተር ማለት ኖሚናሉ የሪሉ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው።

```
ዲፍሌተር = ኖሚናል ÷ ሪል × 100
```

ለ2015 መቶ ነው። ለ2016 64,000 ለ54,600 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 117.2 ይመጣል። ለ2017 82,000 ለ61,000፣ 134.4።

የ134.4 ትርጉም ይሄ ነው፦ በ2017 የተመረተው ነገር ሁሉ በ2015 ዋጋ ቢሸጥ 100 ብር የሚያወጣው አሁን 134 ብር ከ40 ሳንቲም ያወጣል። ከ2015 ጀምሮ የተጠራቀመ ጭማሪ ነው እንጂ የአንድ ዓመት አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ 134.4ን ያይና የ2017 የዋጋ ንረት 34.4 በመቶ ነው ይላል። የአንዱን ዓመት ብቻ ከፈለጋችሁ የዘንድሮውን ዲፍሌተር ለአምናው ማካፈል አለባችሁ። 134.4 ለ117.2 ሲካፈል 1.147 ገደማ ነው፣ ስለዚህ በ2017 ብቻ የጨመረው ዋጋ 14.7 በመቶ ነው።

ዕድገቱ

የዕድገት ምጣኔ የሚሰላው ከሪሉ ነው፣ ከኖሚናሉ አይደለም።

```
ዕድገት = (የዘንድሮ ሪል ÷ የአምና ሪል − 1) × 100
```

2016፦ 54,600 ለ50,000፣ ዕድገቱ 9.2 በመቶ። 2017፦ 61,000 ለ54,600፣ ዕድገቱ 11.7 በመቶ።

የ28 በመቶው ዕድገት ወደ 9.2 ወረደ ማለት ነው።

አሁን ማረጋገጫ። በጣም የሚጠቅም ስለሆነ አትዝለሉት። የብዛት ዕድገትና የዋጋ ዕድገት ሲባዙ የኖሚናሉን ዕድገት መስጠት አለባቸው። ለ2016 1.092 በ1.172 ሲባዛ 1.28 ይመጣል፣ ልክ ነው። ለ2017 1.117 በ1.147 ሲባዛ 1.281፣ ይሄም ልክ ነው። ካልመጣላችሁ አንዱ ቦታ የተሳሳተ ዓመት ዋጋ ገብቷል።

አቋራጩን መንገድ ታውቁት ይሆናል። ከኖሚናሉ ዕድገት ላይ የዋጋ ንረቱን መቀነስ። ንረቱ ሁለት ሦስት በመቶ በሆነበት ሀገር ይሄ ብዙም ጉዳት የለውም፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። እኛ ዘንድ ግን አይሠራም። በእኛ ምሳሌ 28 ሲቀነስ 17.2፣ 10.8 በመቶ ይሰጣችኋል፣ ትክክለኛው ግን 9.2 ነው። አንድ ነጥብ ስድስት ነጥብ ከየት መጣ? በዋጋው ላይ የተወደደው የቀድሞው ምርት ብቻ አይደለም፣ የተጨመረውም ምርት በተወደደው ዋጋ ነው የተሸጠው። ያ የሁለቱ መደራረብ በመቀነስ አይወጣም። ንረቱ በጨመረ ቁጥር ስህተቱም አብሮ ያድጋል፣ ምርትም ዋጋም እስከጨመሩ ድረስ ሁልጊዜ ዕድገቱን የሚያጋንን ስህተት ነው። ስለዚህ አካፍሉ፣ አትቀንሱ።

ኮምፒውተር ላይ ከሠራችሁት

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ብዛቱን ከ`B` እስከ `D`፣ ዋጋውን ከ`E` እስከ `G`፣ ሦስቱን ምርቶች ከረድፍ 2 እስከ 4 አስቀምጡ። ከዚያ `B` ዓምድ ላይ ረድፍ 6 ኖሚናል፣ 7 ሪል፣ 8 ዲፍሌተር ይሁን፣ ዕድገቱ ደግሞ ከ`C` ጀምሮ ረድፍ 9 ላይ፦

```
B6: =SUMPRODUCT(B2:B4,E2:E4)
B7: =SUMPRODUCT(B2:B4,$E2:$E4)
B8: =B6/B7*100
C9: =(C7/B7-1)*100
```

`B6`፣ `B7` እና `B8`ን ወደ ቀኝ እስከ `D` ጎትቱ፣ `C9`ን ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ። ሁሉም ነገር ያለው `B7` ላይ ባለችው የዶላር ምልክት ውስጥ ነው። እሷ ናት የ2015ን ዋጋ ቆልፋ የምትይዘው። ከረሳችኋት ስትጎትቱ ዋጋውም አብሮ ይሸሻል፣ ሪሉ ኖሚናሉን ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ለማወቅ ቀላል ነው። ዲፍሌተራችሁ ለሁሉም ዓመት 100 ከሆነ ምልክቷ ጠፍታለች።

ብዛት የሚባል ነገር ካልተሰጣችሁ

እስካሁን የሠራነው ዋጋና ብዛት ተለይተው ስለተሰጡን ነው። ፈተና ላይ ወይም የሪፖርት ሰንጠረዥ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኖሚናል ጂዲፒ እና ዲፍሌተር ብቻ ነው። ያኔ መንገዱን ገልብጡት፦

```
ሪል = ኖሚናል ÷ ዲፍሌተር × 100
```

82,000 ለ134.4 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 61,012 ይመጣል። 61,000 አይደለም፣ ዲፍሌተሩን አሳጥረን ስለጻፍነው። ለዚህ ነው በመካከል ቁጥር አታጠጋጉ የሚባለው፣ የማጠጋጋቱ ሥራ መጨረሻ ላይ ነው። በመቶ ማባዛቱን መርሳት ደግሞ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፣ ሪሉ ከኖሚናሉ መቶ እጥፍ ገደማ አንሶ ስለሚመጣ ወዲያው ይታያል።

ኖሚናሉ ብቻ ተሰጥቷችሁ ምንም ዓይነት የዋጋ መለኪያ ከሌለስ? ሪል ጂዲፒ ማስላት አይቻልም። በጭራሽ። ኖሚናሉ ውስጥ ዋጋና ብዛት ስለተጣበቁ የሚለያቸው ተጨማሪ መረጃ ከውጭ መምጣት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ከኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚወጣውን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ አንስቶ እሱን በዲፍሌተር ፋንታ ይጠቀማል። ሌላ ከሌለ ይሁን፣ ግን ምን እየሠራችሁ እንደሆነ እወቁ። የሸማቾች ኢንዴክስ የሚለካው ቤተሰብ የሚገዛውን ነው፣ ከውጭ የገባውን ዘይትና ቤንዚንም ጨምሮ። ዲፍሌተሩ የሚለካው እዚህ የተመረተውን ነው፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ቡናና የሚሠራውን ሕንጻም ጨምሮ፣ ነዳጅን ግን አይደለም፣ እዚህ ስላልተመረተ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና ብር ከዶላር አንጻር ሲወርድ የገቢ ዕቃ ዋጋ በቀጥታ የሚገባው የመጀመሪያው ውስጥ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች እንደዚያ ባለ ጊዜ የተለያየ መንገድ ቢሄዱ አይግረማችሁ።

የዓመት ጉዳይም አለ። የሀገራችን የጂዲፒ ቁጥር የሚሰላው በበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 2015 ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ ደግሞ 2023/24 ተብሎ ይጻፋል። የጂዲፒውን ቁጥር ከዚህ፣ የዋጋ ኢንዴክሱን ደግሞ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ ዓመት አማካይ ተሠርቶ ካገኛችሁት ሌላ ምንጭ ብትወስዱ ሁለቱ መካከል የስድስት ወር ክፍተት አለ። ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ስድስት ወር ትንሽ ነገር አይደለም። ኢንዴክሱን በወር በወር ፈልጋችሁ የበጀት ዓመቱን አሥራ ሁለት ወራት ራሳችሁ አማካዩን አውጡ።

መነሻ ዓመቱን ስንቀይረው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። መነሻውን 2015 ያደረግነው ስለፈለግን ነው። 2017ን ብናደርገውስ? ዋጋዎቹ እንጀራ 30፣ ማኪያቶ 50፣ ኮፒ 3 ይሆናሉ። ብዛቱን በእነዚህ አባዙት።

2015፦ 30,000 እና 25,000 እና 15,000፣ ድምሩ 70,000።
2016፦ 31,500 እና 26,000 እና 18,000፣ ድምሩ 75,500።
2017፦ 33,000 እና 25,000 እና 24,000፣ ድምሩ 82,000፣ ከኖሚናሉ ጋር እኩል፣ እንደሚጠበቀው።

የብሩ መጠን መለወጡ አያስገርምም። ዕድገቱን ግን ተመልከቱት። 2016 ላይ 7.9 በመቶ፣ 2017 ላይ 8.6 በመቶ። በ2015 ዋጋ 9.2 እና 11.7 ነበር።

አንድ እንጀራ አልተጨመረም፣ አንድ ገጽ አልተቀነሰም። ሰንጠረዡ ያው ነው። ታዲያ ሦስት ነጥብ የሚያህል ዕድገት የት ገባ?

ኮፒው ላይ ነው። በፍጥነት ያደገው እሱ ነው፣ ከ5,000 ወደ 8,000 ገጽ። በ2015 አንድ ማኪያቶ አሥር ገጽ ኮፒ ያስነሳ ነበር። በ2017 አንድ ማኪያቶ ከአሥራ ስድስት ገጽ በላይ ያስነሳል። ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ኮፒ ረከሰ። ስለዚህ በ2017 ዋጋ ስንመዝን የኮፒው ዕድገት ከድምሩ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ያንሳል፣ በ2015 ዋጋ ስንመዝን ግን ያኔ ውድ በነበረበት ሚዛን ስለሚቆጠር ዕድገቱን ሁሉ ወደ ላይ ይጎትተዋል።

በትልቁ ኢኮኖሚም ይኸው ነው የሚሆነው። ሰው ከሌላው አንጻር የረከሰውን ነገር አብዝቶ ይጠቀማል፣ ስለዚህ በፍጥነት የሚያድጉት ብዙውን ጊዜ በንጽጽር የረከሱት ናቸው። ኮምፒውተርና ስልክ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። መነሻ ዓመቱ ባረጀ ቁጥር የእነዚህ ሚዛን ይጋነናል፣ ዕድገቱም አብሮ ይጋነናል። በየተወሰነ ዓመቱ መነሻው የሚታደሰው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ሀገር ብሔራዊ ሒሳብም 1992፣ ቀጥሎ 2003፣ ከዚያ 2008 በጀት ዓመትን መነሻ አድርጎ ነው የመጣው። የቆየ ሪፖርትና አዲስ ሪፖርት ላይ ለአንድ ዓመት ሁለት የተለያየ ዕድገት ካገኛችሁ፣ አንዱ ውሸት ነው ከማለታችሁ በፊት ከሰንጠረዡ በላይ በየትኛው ዓመት ቋሚ ዋጋ እንደተሠራ የሚለውን መስመር አንብቡ። ለነገሩ መነሻው ሲታደስ አዳዲስ የዳሰሳ ጥናቶችም ይገባሉ፣ ከዚህ በፊት ሳይቆጠር የቀረ ሥራም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከሚዛኑ ብቻ አይመጣም።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ጥያቄያቸው ነው የተለያየው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕድገት እንዲነግረኝ የምፈልገው ዋጋ ከሚለካው ዓመት ብዙ ያልራቀ ዋጋ ነው። ለዚህ መፍትሔ አለ። ለእያንዳንዱ ዓመት የአምናውን ዋጋ መነሻ ማድረግ። 2017ን ከ2016 ጋር በ2016 ዋጋ ብቻ ስናወዳድር እንጀራው 26,400፣ ማኪያቶው 20,000፣ ኮፒው 24,000 ይሆናል፣ ድምሩ 70,400። የ2016 ኖሚናል 64,000 ነበር። ዕድገቱ ልክ 10 በመቶ። በ11.7 እና በ8.6 መካከል ገባ። ከዚያ የየዓመቱን ዕድገት እንደ ሰንሰለት አንዱን በሌላው ላይ ማባዛት ነው። ዋናው ሐሳብ ይሄ ነው፣ አሜሪካኖች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙት ሰንሰለትም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው፣ እነሱ ግን ዕድገቱን በሁለቱም ዓመት ዋጋ አስልተው የሁለቱን ጂኦሜትሪክ አማካይ ይወስዳሉ።

መነሻ መቀየርና ቁጥሩን ማሸጋገር አንድ አይደሉም

ይሄ ቦታ ላይ ጥንቃቄ። ፈተና ላይ መነሻ ዓመቱን ወደ 2017 ቀይሩ ይባልና የተሰጣችሁ ዲፍሌተር ብቻ ይሆናል፣ ብዛትም የእያንዳንዱ ምርት ዋጋም የለም። ያኔ የሚሠራው እያንዳንዱን ዲፍሌተር ለ2017ቱ ማካፈልና በ100 ማባዛት ነው። 100 የነበረው 74.4 ይሆናል፣ 117.2 የነበረው 87.2፣ 134.4 ደግሞ 100። በእነዚህ፣ በመካከል ሳታጠጋጉ፣ ሪሉን ብታወጡ 2015 67,213 ብር፣ 2016 73,397 ብር ገደማ ይመጣል።

ዕድገቱን አስሉት። 9.2 በመቶ። 2017 ላይ 11.7። የድሮው ዕድገት ምንም አልተነካም።

ምክንያቱም ሁሉንም ቁጥር በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያባዛነው፣ ሚዛኑ አልተቀየረም። መቶ የሚለው ምልክት ብቻ ከ2015 ወደ 2017 ተዛወረ። ይህ ማሸጋገር ነው። እውነተኛው የመነሻ ለውጥ ግን ወደ እያንዳንዱ ምርት ተመልሶ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ማባዛትን ይጠይቃል፣ ያኔ ነው ዕድገቱም የሚቀየረው። አንድ ሰው መነሻውን ቀየርኩ ካላችሁ ዕድገቱ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተቀየረ አሸጋገረው እንጂ አልቀየረውም።

ሁለት ሰንጠረዥ ስትቀጥሉ

ይህ ሪሰርች ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚመጣ ችግር ነው። የድሮው ሰንጠረዥ በ2015 ዋጋ 2016 ላይ ያበቃል፣ አዲሱ በ2017 ዋጋ ከ2016 ይጀምራል። ሁለቱን ከላይ ወደ ታች ደርድራችሁ በጥድፊያ ዕድገት ብታሰሉ 2017 ላይ 82,000 ለ54,600 ታካፍላላችሁ፣ የ50 በመቶ ዕድገት ይመጣል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ካያችሁ፣ ያ ዓመት የሰንጠረዥ መገጣጠሚያ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ለመከላከል እያንዳንዱ ዓምድ ራስጌ ላይ መነሻ ዓመቱን ጻፉ፣ ሪል ጂዲፒ ብቻ ብላችሁ አትተዉት።

አቀጣጠሉ ይህን ይመስላል። ሁለቱም ሰንጠረዥ ላይ የሚገኘውን የጋራ ዓመት ፈልጉ፣ እዚህ 2016 ነው። አዲሱን ለድሮው አካፍሉ፦ 75,500 ለ54,600፣ 1.3828 ገደማ ነው። ከዚያ የድሮዎቹን ዓመታት በሙሉ በዚህ ቁጥር አባዙ። 2015 50,000 የነበረው 69,139 ይሆናል።

እውነተኛውን ግን እናውቃለን፣ 70,000 ነበር። በመቀጠል የተገኘው ቁጥር የድሮውን የ9.2 በመቶ ዕድገት ይዞ ነው የሚሄደው፣ በአዲሱ ሚዛን ግን 7.9 ነበር። የጋራ ዓመት እስካለ ድረስ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም፣ የድሮው ዓመት ዝርዝር ካልተገኘ በስተቀር። በጽሑፋችሁ ላይ ቁጥሩ የተቀጠለ መሆኑንና በየትኛው ዓመት እንደተቀጠለ መግለጽ ግን ግድ ነው። ተከታታዩ ረጅም ከሆነና ሁለት ሦስት ቦታ ከተቀጠለ ከመገጣጠሚያው በፊት ያለውን የብር መጠን እንደ መጠን አትጥቀሱት፣ ዕድገቱን ብቻ ተጠቀሙ። የእያንዳንዱን ዘርፍ ለየብቻ ከቀጠላችሁ ደግሞ እርሻው፣ ኢንዱስትሪውና አገልግሎቱ ሲደመሩ ከተቀጠለው ጠቅላላ ጋር አይገጥሙም። ስህተት አይደለም፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ስለተባዛ ነው። በጉልበት እንዲገጥም አታድርጉት፣ ልዩነቱን በአንድ መስመር ለብቻው አሳዩት።

በዶላር የተቀመጠ ኖሚናል ጂዲፒን ይዞ ዕድገት ለማስላት የሚሞክርም አለ። ያ ቁጥር ውስጥ ከዋጋና ከብዛት በተጨማሪ የምንዛሪ ተመን ገብቷል። ሐምሌ 2016 ላይ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የትንሿ ኢኮኖሚያችን 82,000 ብር በ57 ብር ሲመነዘር 1,439 ዶላር ገደማ ነው፣ በ100 ሲመነዘር 820። ጋጋሪዋ ያንኑ 1,100 እንጀራ ነው የጋገረችው። ስለዚህ ዕድገት የሚሰላው በብር ከተሰላው ሪል ጂዲፒ ላይ ነው፣ ወደ ዶላር መቀየር ካስፈለገም ከዚያ በኋላ ነው።